ውሻዬ ከጅራቷ በላይ ጸጉሯ እየረገፈ ነው፤ ቁንጫ ግን ፈልጌ አጣሁባት

የቡቺ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ቸግሮኝ ነው የምጽፈው። ቡቺ የምትባል የ4 ዓመት ውሻ አለችኝ። መካከለኛ ናት፣ ጸጉሯ አጠር ያለ ቡናማ ነው። ከጀመራት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። መጀመሪያ ጭኗን ትልስ ነበር፤ ብዙም ቁብ አልሰጠሁትም። ከዚያ ወገቧ ላይ፣ ልክ ጅራቷ ከሚጀምርበት በላይ፣ ጸጉሯ ሳሳ። አሁን መዳፌን የሚያክል ቦታ ባዶ ሆኗል። ቆዳው ቀልቷል፤ ስዳስሰው ትንንሽ ቅርፊት አለው፣ አሸዋ የነካሁ ያህል ይሻክረኛል። ሌሊት በፊት ጥርሶቿ ቆዳዋን እየቆነጠጠች ስትነክስ ድምፁ ይሰማኛል። እሷም አትተኛም፣ እኔም አልተኛሁም።

ቁንጫ ይሆናል ብዬ ፀሐይ ላይ አስተኝቼ ጸጉሯን እየከፈልኩ ፈለግሁ። አንድም የለም። በሻምፑ ሁለቴ አጠብኳት፤ ለአንድ ቀን ጋብ ይልላትና ተመልሶ ይብስባታል። ጎረቤቴ «እከክ ነው፣ ልጆቹ ላይ ይጋባል፣ ከቤት አስወጫት» አለችኝ። የወንድሜ ጓደኛ ደግሞ ለከብት የሚወጋ መድኃኒት አለኝ፣ ትንሽ ልውጋልሽ ይለኛል። ቤት ውስጥ አንዲት ድመት አለች፤ እሷ ደህና ናት፣ ራሷን ስታክ አይቻት አላውቅም። ልጆቹም ምንም አልወጣባቸውም።

እከክ ነው? ሌላ ነገር ነው? መርፌውንስ ላስወጋት?

ጎበዝ 77

እከክ ነው፣ አትጠራጠሪ። ቁንጫ ቢሆን ታይው ነበር፤ ቁንጫ ተደብቆ የሚቀር ነገር አይደለም። እኔ ሦስት ውሾች አሳድጌያለሁ። ሁለቱን እከክ ይዟቸው አይቨርሜክቲን አስወግቼ ድነዋል፣ ጸጉራቸው ከበፊቱ አምሮ ነው የበቀለው። ጎረቤትሽ ያለችው ስለ መጋባቱም እውነት ነው። ጊዜ አታባክኚ፣ አስወጊያት።

ማርታ ከክሊኒክ

እህቴ፣ መርፌውን ለጊዜው አቆዪው። እኔ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ይህን ልብ በይ። ነገር ግን «ያሳክከዋል፣ ጸጉሩ ይረግፋል» ተብሎ የሚመጣ ውሻ በየቀኑ አያለሁ፤ መጀመሪያ የማየው ምን ያህል እንደሚያክ ሳይሆን የት እንደሚያክ ነው።

አንቺ የጻፍሽው ቦታ፣ ከጅራት በላይ ያለው ወገብ፣ የጭን ኋላ፣ አንዳንዴም ሆድ፣ የቁንጫ አለርጂ ቦታ ነው። እከክ ደግሞ የሚጀምርበት የራሱ ቦታ አለው፤ የጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት፣ ከደረት በታች። ጸጉር የሳሳበት ሥፍራ ላይ መስፈር ይወዳል። የቡቺ ጆሮና ክርን እንዴት ነው? ጠርዙን በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ቅርፊት ከሌለው፣ ጸጉሩም ካለ፣ እኔ ወደ ቁንጫ ነው የማደላው።

«ቁንጫ አላየሁም» ያልሽው ደግሞ ሐሳቤን አይቀይረውም። አለርጂ ያለበት ውሻ ቀኑን ሙሉ ራሱን ይልሳል፣ ይነክሳል፣ ያገኘውን ቁንጫ ይውጠዋል። ስለዚህ በጣም የሚሠቃየው ውሻ ላይ ቁንጫ ማጣት ያለ ነገር ነው። የሚያሳክከው የቁንጫው ብዛት አይደለም፤ ሲነክስ የሚተወው ምራቅ ነው። አለርጂ ለሌለው ውሻ ሃያ ቁንጫ ምንም ላይመስለው ይችላል። አለርጂ ላለበት ጥቂት ንክሻ ለቀናት ይበቃዋል።

አንድ ነገር ሞክሪ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ አግኚ፣ ለቅማል የሚሆነው ዓይነት። ከጅራቷ በላይ ካለው ቦታ ዙሪያ እስከ ቆዳዋ ድረስ አበጥሪና ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ሁሉ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፊው። ከዚያ ሶፍቱን በውሃ ጠብ ጠብ አድርገሽ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ተራ ቆሻሻ ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ዙሪያው ቀይ ቡናማ እየሆነ ይዘረጋል፤ የተፈጨ ደም ስለሆነ ነው። ድመቷንም እንዲሁ አድርጊያት። ድመቷን እንዳትረሺ።

ሊያ ቡ.

ይቅርታ በመሐል ልግባ። የእኔ ቡችላ 5 ወሩ ነው፣ ዓይኑ ዙሪያና ከንፈሩ አጠገብ ጸጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ረግፏል። ግን አያክም፣ ይጫወታል፣ ይበላል። የቡቺ ዓይነት ነው? ማበጠሪያውን ልሞክር?

ማርታ ከክሊኒክ

@ሊያ ቡ. አይደለም፣ የአንቺ ሌላ ነው የሚመስለው። በዚህ ዕድሜ ፊት ላይ የማያሳክክ መላጣ ሲሆን ዲሞዴክስ የሚባለው የእከክ ዓይነት ይጠረጠራል። ያ ከውሻ ወደ ውሻ አይጋባም፣ ወደ ሰውም አይሄድም፤ ቡችላው ከእናቱ ገና ሲወለድ ያገኘው ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ክብ መላጣ ግን ጭርትም ሊሆን ይችላል፣ ጭርት ደግሞ ሰው ላይ ይጋባል። ስለዚህ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይለት። እስኪታይ ድረስ ኮርቲሶን ያለበት ቅባት እንዳትቀቢው፣ ዲሞዴክስ ከሆነ ያባብስበታል። ለብቻው ክር ብትከፍቺለት እዚያ እናወራለን።

የቡቺ እናት

ማርታ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አደረግሁት። የቡቺ ጆሮ ጠርዝ ንጹሕ ነው፣ ለስላሳ ነው። ክርኗም ደህና ነው። ቡቺን ሳበጥራት ጸጉርና ፎረፎር ብቻ ወጣ፣ ጥቁር ነገር ሁለት ሦስት ፍሬ ብትሆን ነው። ውሃ ሳደርግበት አንዷ ፍሬ ዙሪያዋ ትንሽ ቀላች መሰለኝ፣ እርግጠኛ አልሆንኩም።

ከዚያ ድመቷን አበጠርኳት። አንገቷ ሥርና ከጅራቷ በላይ። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ነገር ሶፍቱ ላይ ረገፈ። ውሃውን ጠብ ሳደርግበት አንድ በአንድ ደም ሆነ። ሶፍቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ፤ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። ድመቷ አንድ ቀን እንኳ ስታክ አይተናት አናውቅም እኮ! ማበጠሪያው ውስጥም አንድ ሕያው ቁንጫ ነበረች፣ ሳሙና ውሃ ውስጥ ከተትኳት።

ማርታ ከክሊኒክ

ይኸው። ድመቷ አለርጂ የለባትም፣ ስለዚህ ተሸክማው ትኖራለች። ቡቺ ናት የምትከፍለው። ውሻ ላይ የምናገኘው ቁንጫ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ «የድመት ቁንጫ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለሁለቱም አይመርጥም።

አሁን ሐኪም ጋ ውሰጃት፤ ይህን ሁሉ ንገሪው፣ ሶፍቱንም ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ ሁለት ነገር እንዲያይልሽ እፈልጋለሁ። አንደኛ ቆዳዋ ቆስሎ ባክቴሪያ ገብቶበት እንደሆነ። ሽታ ካለው፣ እርጥበት ካለው፣ መግል የቋጠሩ ትንንሽ ብጉሮች ካሉ እሱ ለብቻው ይታከማል። ሁለተኛ የቁንጫ መድኃኒቱ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው። ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው አለ፣ የሚዋጠው አለ። ቡቺን በመድኃኒት ሻምፑ ደጋግመሽ ማጠብ ካለብሽ የሚዋጠው ይሻላል፣ መታጠብ አያጠፋውም። ፍሉራላነርና አፎክሶላነር የሚባሉት የዚህ ወገን ናቸው። ጥሩነታቸው እከክንም ስለሚገድሉ ነው፤ ጥርጣሬሽ እከክ ቢሆን እንኳ አንዱ ክኒን ሁለቱንም ይይዝልሻል። ከዚህ በፊት ጥሏት፣ አንቀጥቅጧት የሚያውቅ ከሆነ ግን ሳትጠየቂ ለሐኪሙ ንገሪ፣ እንዲህ ላለ ውሻ እነዚህ አይመረጡም።

ለድመቷ የድመት መድኃኒት። ይህን በትልቁ ልጻፈው፤ ለውሻ የተሠራ ጠብታ ድመት ላይ እንዳታደርጊ። ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ድመትን ይገድላል። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለውም። ውሻዋ ላይ እንዲህ ያለ ጠብታ ተደርጎም ድመቷ አብራት ተጠቅልላ ከተኛች ወይም ከላሰቻት አደጋ አለው።

ጎበዝ 77

ማርታ ክብር ይስጥልኝ፣ ግን አልገባኝም። እኔ አይቨርሜክቲን አስወግቼ ውሾቼ ድነዋል አልኩ እኮ። ሰው የሚያውቀውን ሲናገር ስሕተት ነው ማለት ነው? ርካሽ ነው፣ በእጅ ያለ ነው፣ ተባይ ይገድላል። ምን ይጎዳታል?

ማርታ ከክሊኒክ

ጎበዝ፣ ውሾችህ መዳናቸውን አላጣጣልኩም። እከክ ከነበረባቸው በትክክል ነው የዳኑት፤ አይቨርሜክቲን የእከኩን ተባይ ይገድላል። ቁንጫ ላይ ግን አይሠራም። ቡቺን ብናስወጋት ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን፣ እሷ ደግሞ ወገቧን ትበላለች፤ ከዚያ «መድኃኒቱ አልያዛትም» ብለን ሌላ እንጨምራለን።

ጉዳቱን ደግሞ አይቼዋለሁ። የከብቱ መርፌ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው፤ በመቶ ኪሎዎች ለሚመዘን እንስሳ የተሠራ ነው። 12 ኪሎ ለሆነች ውሻ የሚያስፈልገው መጠን ሲሪንጁ ላይ ለዓይን የማይሞላ ነገር ነው፣ በእጅ ግምት «ትንሽ» ሲባል ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ኮሊና ሌሎች የእረኛ ዘር ያላቸው ውሾች ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው ነገር ጎድሎ የሚወለዱ አሉ። እነሱን ለሌላው ውሻ ደህና የሆነው መጠን ራሱ ያናውዛቸዋል። የተዳቀለ ውሻ ምን ዘር እንዳለበት በመልኩ ብቻ አታውቅም። ክሊኒካችን የመጣ አንድ ውሻ ነበር፤ መቆም አቅቶት፣ ዓይኑ እያየ የማያይ ሆኖ፣ ምራቁ ይዝረበረባል። አራት ቀን ግሉኮስ ላይ ነበር። ተርፏል፤ ግን ባለቤቱ አራቱን ቀን ወለል ላይ አብሮት ነው የተቀመጠው። ያንን ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ጎበዝ 77

እሺ፣ ቁንጫ ላይ እንደማይሠራ አላውቅም ነበር። የእኔም በሐኪም ነው የተወጉት፣ በግምት አይደለም። ያንን መጻፍ ነበረብኝ። እህቴ በእኔ ቃል እንዳታስወጊያት።

ጋሽ በላይ

ልጆቼ፣ የምትሉትን እያነበብኩ ልቤ ፈራ። የእኔ ውሻ ጃክ የዚህችን ልጅ ውሻ ተቃራኒ ነው የሆነብኝ። ጆሮው ጠርዙ ላይ ግራጫ ቅርፊት ሠርቷል፣ ክርኑ መላጣ ነው፣ ከደረቱ በታችም ቀልቷል። ከሁለት ወር በፊት ቆዳው ተፍቆ ተመረመረ፤ «ምንም ተባይ የለም፣ አለርጂ ነው» ተባልኩ። ማሳከክ የሚያስታግስ ክኒን ተሰጠው፣ ኮርቲሶን ነው መሰለኝ። አንድ ሳምንት ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ግን ከበፊቱ ባሰ። አሁን ደግሞ እኔም ክንዴ ላይና እምብርቴ ዙሪያ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጥቶብኛል፤ ማታ ማታ ይብሳል። ጃክ አልጋዬ ሥር ነው የሚተኛው። ሽማግሌ ነኝ፣ ከእሱ ሌላ ቤቴ ውስጥ ማንም የለም። ይህም ቁንጫ ነው ትላላችሁ?

ማርታ ከክሊኒክ

ጋሼ፣ የእርስዎ እከክ ነው የሚመስለኝ። ምርመራው ምንም አላገኘም መባሉ አያሳስትዎት። ይህ ተባይ ቆዳ ውስጥ ቦይ ቆፍሮ ነው የሚኖረው፤ ውሻውን ለማሳበድ ደግሞ ጥቂቶች ይበቁታል። ብዙ ቦታ ተፍቆ እንኳ ከግማሽ በላይ ጊዜ ሳይገኝ ያልፋል። ስለዚህ ከተገኘ እርግጥ ነው፣ ካልተገኘ ግን የለም ማለት አይደለም።

እስቲ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ጃክ ተረጋግቶ ሲተኛ የጆሮውን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዘው ከራሱ ጋር ቀስ ብለው ያሹት። የኋላ እግሩ ሳያስበው ማከክ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ወደ እከክ ይጠቁማል። ያላደረገም እከክ ሊኖርበት ይችላል፣ ያደረገም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ግን ከጆሮው፣ ከክርኑና ከእርስዎ ክንድ ጋር ሲደመር ክብደት አለው።

ኮርቲሶኑ ለአንድ ሳምንት ያስታገሰው እብጠቱንና ማሳከኩን ስለያዘው ነው። ተባዩን አይነካውም፤ እንዲያውም ቆዳው የሚከላከልበትን ጉልበት ስለሚቀንስ ይራባል። ግን አሁኑኑ በራስዎ እንዳያቋርጡት። ብዙ ቀን ከወሰደ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፣ ሐኪሙን ይጠይቁ። ለሐኪሙም «ተባይ ባይገኝም የእከክ ሕክምና ሰጥተን እንየው» ቢሉት የተለመደ ነገር ነው፣ አይቀየምም።

ክንድዎ ላይ ያለው የውሻው እከክ ከሆነ ሰው ላይ መራባት አይችልም፤ ጃክ ሲታከም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይጠፋል። የሚተኛበትን ጨርቅና የራስዎን አንሶላ በሙቅ ውሃ ይጠቡ። ካልጠፋ ግን የሰው ሐኪም ይየዎት፣ የሰው እከክ ሌላ ነው፣ ራሱን ችሎ ይኖራል።

ጋሽ በላይ

አሁን አሸሁት። እግሩ ወለሉን እስኪመታ ድረስ አከከ። ሁለቱንም ጆሮ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።

ሰብለ ወ.

የቡቺ እናት፣ እኔ በዚህ መንገድ አልፌበታለሁና አንድ ነገር ልንገርሽ። ክኒኑ ግማሹ ሥራ ነው። ግማሹ ቤትሽ ነው። እኔ ባለፈው ጊዜ ለውሻዬ መድኃኒት ሰጠሁ፣ ዳነ፣ ተውኩት። ወር ሳይሞላው እንደ አዲስ ተላጠ። መድኃኒቱ የተበላሸ መስሎኝ ሐኪሙን ተጣላሁት። ኋላ ነው የገባኝ። እንስሳው ላይ የምታይው ቁንጫ ቤት ውስጥ ካለው ትንሹ ክፍል ነው። አንዷ በቀን 40 እና 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፣ እንቁላሉ ደግሞ ጸጉር ላይ አይጣበቅም፣ ውሻው በሄደበት ሁሉ እንደ ጨው ይረግፋል። ስለዚህ የሚተኙበት ቦታ ሁሉ የቁንጫ ማሳ ነው።

እኔ የሚተኙበትን ጨርቅ ሁሉ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ አጠብኩ። ሶፋውን ትራሱን አንሥቼ በቫኪዩም ሥሩን ጭምር፣ ምንጣፉን፣ የግድግዳውን ጥግ፣ ከአልጋ በታች። የቫኪዩሙን ከረጢት ወዲያው ከቤት አውጥቼ ጣልኩ። ቫኪዩም ከሌለሽ ምንጣፉን አውጥተሽ ማራገፍና ወለሉን በሳሙና ውሃ መፈግፈግም ይሠራል፣ ጥጉን ካልዘለልሽ። ቤቱ ላይ የሚረጭም ተጠቀምኩ፣ እንስሳቱንና ልጆቹን አስወጥቼ እስኪደርቅ ድረስ።

ጎበዝ 77

እኔ የሚረጭ መርዝ ቤቴ አላስገባም። ልጆች ወለል ላይ ይጫወታሉ። ማጽዳትና ክኒን በቂ ነው ባይ ነኝ።

ሰብለ ወ.

ለአንተ በቂ ሊሆን ይችላል። እኔ ምንጣፍ የበዛበት ቤት ነበረኝ፣ ያለሱ አልሆነልኝም። እያንዳንዱ የቤቱን ነገር ያውቃል።

የቡቺ እናት

ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሙ ጆሮዋን አሸው፣ እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ቆዳዋን ፍቆ አየ፣ ምንም የለም። ሶፍቱን ሳሳየው ሳቀና «እንዲህ ይዞ የመጣልኝ ሰው የለም» አለኝ። የቁንጫ አለርጂ ነው ብሏል፣ ቆዳዋ ላይም ባክቴሪያ ጀምሯት ነበር። አፎክሶላነር በየወሩ የሚዋጥ፣ ክሎርሄክሲዲን ያለበት ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ፣ ለማሳከኩ ደግሞ ለ5 ቀን የሚዋጥ ክኒን ሰጣት። ሻምፑውን አረፋውን 10 ደቂቃ ቆዳዋ ላይ አቆይቼ ነው የማጥበው። አሥሩን ደቂቃ ለመጠበቅ ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ተረት ያነብላታል፣ ጸጥ ብላ ትሰማዋለች። ለድመቷ ሴላሜክቲን የሚባል አንገት ላይ የሚንጠባጠብ ተሰጠን።

ዛሬ 10ኛ ቀኗ ነው። ሌሊት ተኝታለች። እኔም።

የቡቺ እናት

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፣ እንባዬ መጥቷል። ተሽሏት ነበር። መላጣው ቦታ ላይ ለስላሳ ጸጉር ብቅ ብሎ ነበር። ከትናንት ወዲያ ግን እንደገና ወገቧን መንከስ ጀመረች፤ ዛሬ ጠዋት ነጭ ካልሲዬ ላይ ሁለት ቁንጫ ዘለለ። ክኒኑን በሰዓቱ ሰጥቻታለሁ። ቤቱን አጽድቻለሁ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? ሌላ ልቀይር?

ማርታ ከክሊኒክ

አትቀይሪ፣ አይዞሽ። ጥቂት ልጠይቅሽ። ሁለተኛውን ክኒን የሰጠሻት መቼ ነው? ድመቷ ሁለተኛውን ጠብታ አግኝታለች? ጠብታው ከተደረገላት በኋላ ታጥባለች? እና ድመቷ ቀን ቀን የት ነው የምትተኛው?

የቡቺ እናት

የቡቺ ክኒን በ30ኛው ቀን ተሰጥቷል። የድመቷን... ረሳሁት። እሷ ስለማታክ ከአእምሮዬ ወጣ። የመጀመሪያውንም ጠብታ ካደረግንላት በኋላ በማግስቱ ልጆቹ አጥበዋታል፣ አሁን ስትጠይቂኝ ነው ያስታወስኩት። ቀን ቀን የምትተኛው ደረጃው ሥር ነው፤ አሮጌ ብርድ ልብስና ካርቶን የምናስቀምጥበት። እዚያ አላጸዳሁም።

ማርታ ከክሊኒክ

እንግዲህ ቦታው እሱ ነው። የቁንጫ እንቁላል ትል ይሆናል፣ ትሉ ብርሃን ስለሚፈራ ጨለማ ጥግ ይገባል፣ ከዚያ ራሱን በትንሽ ድር ጠቅልሎ ይተኛል። ድሩ ላይ አቧራ ስለሚጣበቅበት አይታይም። እዚያ ውስጥ ሆኖ የሚረጨው መድኃኒት አይደርስበትም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይጠብቃል። ሙቀትና የእግር ንቅናቄ ሲሰማው ነው ፈልቅቆ የሚወጣው። ሕክምና በጀመረ በአራተኛው በአምስተኛው ሳምንት አዲስ ቁንጫ ማየት የተለመደ የሆነው ለዚህ ነው። ካልሲሽ ላይ የዘለሉት ትናንት የፈለፈሉ ናቸው። ቡቺ ላይ የወጣው መድኃኒቱ ይገድለዋል፤ ግን የሚዋጠው መድኃኒት ቁንጫው ከነከሰ በኋላ ነው የሚገድለው፣ አለርጂ ላለባት ውሻ ያቺ ንክሻ ራሷ ታመጣባታለች። ስለዚህ የሚፈለፈለውን መቀነስ አለብን።

ዛሬ ያንን ብርድ ልብስና ካርቶን አውጪ። ካርቶኑን ጣዪው፣ ብርድ ልብሱን በሙቅ ውሃ እጠቢው ወይም እሱንም ጣዪው። ደረጃው ሥር በየሁለት ቀኑ ጥረጊ፤ መጥረጉና መርገጡ ራሱ ከድሩ ያስወጣቸዋል፣ ወጥተው የታከመ እንስሳ ላይ ሲወጡ እንቁላል ሳይጥሉ ይሞታሉ። ቁንጫ ደም ከጠጣ በኋላ እንቁላል ለመጣል አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ከሞተ ሰንሰለቱ ተቆረጠ። ድመቷን ዛሬ አድርጊላት። ከጠብታው በኋላ ስንት ቀን ሳትታጠብ መቆየት እንዳለባት ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ከጠፋብሽ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አታስነኪያት። ከዛሬ ጀምረሽ ሦስት ወር ቁጠሪ፣ አንድም ሳይዘለል፣ ሁለቱም። ቀኑን ለሁለቱም አንድ አድርጊው፣ እንዳይረሳ።

የቡቺ እናት

ብርድ ልብሱን ሳነሣ ሥሩ ላይ እንደ ሩዝ ስባሪ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮችና ያ ቁንዶ በርበሬ የመሰለው ጥቁር ነበር። ሁሉንም አውጥቻለሁ። የድመቷም ተደርጎላታል።

ሰብለ ወ.

ሩዝ የመሰለው የቴፕ ትል ቁራጭ ሊሆን ይችላል። የእኔም ውሻ ነበረው። ቁንጫ ሲውጡ ነው የሚያገኙት። ድመቷ ቂጥ አካባቢ ጸጉሯ ላይ ተጣብቆ ካየሽ ሐኪሙን የትል መድኃኒት ጠይቂው። ለቡቺም ጠይቂላት፣ እሷ ናት ስትውጥ የከረመችው።

ጋሽ በላይ

ስለ ጃክ ልንገራችሁ። ሐኪሙ ደግሞ ፍቆ አየው፣ አሁንም አላገኘም። ቢሆንም የእከክ ሕክምና ጀመረለት፣ የሚዋጠውን። ኮርቲሶኑንም ቀስ እያለ አስቆመው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ እንዲያውም የባሰበት መሰለኝ፤ ማርታን በውስጥ መስመር ጠይቄያት ተባዩ ሲሞት እንዲህ እንደሚያደርግ ነገረችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጆሮውን ሳሸው እግሩ ዝም አለ። አሁን የጆሮው ቅርፊት ረግፎ ሮዝ ቆዳ ነው። ክንዴም ጠፍቷል። አጥር ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኘው የጎረቤት ውሻ ግን ያካል፤ ባለቤቱን አናግሬዋለሁ፣ እስካሁን አላሳከመውም። ጃክን ከአጥሩ አርቄዋለሁ፤ በጣም ይከፋዋል፣ እዚያ ቆሞ ያለቅሳል።

ማርታ ከክሊኒክ

ጋሼ ደስ ብሎኛል። የጎረቤቱ ውሻ እስኪታከም ግን የጃክን መድኃኒት አያቋርጡ። የሚቀጥለው ክኒን ቀኑ ሲደርስ ይስጡት፣ ደህና መስሎ ቢታይም።

የቡቺ እናት

ሦስተኛ ወራችን ሞላ። የወገቧ ጸጉር ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፣ ሥሩ ያለው ቆዳ ግን ጠቆር ብሏል። ማበጠሪያውን በየሳምንቱ ቅዳሜ ለሁለቱም አደርጋለሁ፤ አራት ሳምንት ሆነ ሶፍቱ ላይ ምንም ከቀላ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የፊት መዳፏን ትልሳለች። በጣቶቿ መሐል ጸጉሯ በምራቅ ዝገት የመሰለ ቀለም ይዟል። ድሮም ትልስ ነበር፣ ያኔ ግን ከወገቧ ሌላ ምንም አላየሁም። ይህም ከቁንጫ ነው?

ማርታ ከክሊኒክ

የቆዳው መጥቆር ከብዙ ማከክ የቀረ ነው፣ በወራት ውስጥ ይነጣል። መዳፉ ግን የቁንጫ ቦታ አይደለም። አንድ ነገር አለርጂ የሆነበት ውሻ ሌላም ነገር ሊሆንበት ይችላል፤ የአየር ብናኝ፣ ምግብ። ከወቅት ጋር ይመጣል ይሄዳል ወይስ ዓመቱን ሙሉ ነው?

ጎበዝ 77

የእኔ አንዱ ውሻ ምግቡን ስቀይርለት መዳፉን መላስ ትቷል። በ8ኛው ሳምንት ነው ለውጥ ያየሁት፤ ከዚያ በፊት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ግን ይህ የእኔ ውሻ ነው፣ ለቡቺ እንዲሁ ነው አልልም።

የቡቺ እናት

ወቅቱን ልብ ብዬ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ የላሰችበትን ቀንና የበላችውን። ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ።